የፍቅረኛን ቤተሰብ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲተዋወቁ፦ ከበሩ እስከ መቀመጫው ያለው ሰላምታ

የባለቤቴን እናት ለመጀመሪያ ጊዜ ያገኘኋቸው ቀን መነጽሬ ከመነጽራቸው ጋር ተጋጨ። እኔ እጄን ዘርግቼ ስጠብቅ እሳቸው ጉንጬን ሊስሙ እየመጡ ነበር። የዘረጋሁት እጅ ሆዳቸውን ነካ። ደንግጬ ፊቴን ወደ አንድ ጎን ሳዞር እሳቸውም ወደዚያው አዞሩ። ከዚያ በኋላ ቤተሰቡ ያየው ሁለት ሰዎች ቆመው መነጽራቸውን ሲያቃኑ ነው። እጅ መጨበጥም ጉንጭ መሳምም ከልጅነቴ ጀምሮ አውቃለሁ። ያላወቅሁት ከሁለቱ የትኛው እየመጣ እንደሆነ ነበር።

የፍቅረኛውን ቤተሰብ ሊተዋወቅ የሚሄድ ሰው በአብዛኛው የሚሰናከለው እዚህ ላይ ነው። ሰላምታ ሳያውቅ ቀርቶ አይደለም፤ ሁለት ሰዎች በአንድ ቅጽበት ሁለት የተለያየ ሰላምታ ስለሚጀምሩ ነው። በተለይ ፍቅረኛዎ ከሌላ አገር ወይም ከሌላ እምነት ከሆነ ይህ የመከሰት ዕድሉ ሰፊ ነው። ስለዚህ ይህ መመሪያ ስለ ስጦታ ምርጫም ስለ አለባበስም አያወራም። የሚያወራው በሩ ከተከፈተ አንስቶ መቀመጫ እስኪሰጥዎት ድረስ ስላለው ጥቂት ደቂቃ ነው።

1. ከመሄድዎ በፊት ፍቅረኛዎ ተነሥቶ ያሳይዎት

ፍቅረኛዎን "ቤተሰቦችህ ሰላም የሚሉት እንዴት ነው?" ብለው ቢጠይቁት "እንደማንኛውም ሰው ነው፤ አታስቢ" ይላል። እየዋሸ አይደለም። የጫማውን ማሰሪያ በየትኛው እጁ አስቀድሞ እንደሚይዝ እንደማያውቀው ሁሉ፣ ከሕፃንነቱ ጀምሮ ሲያደርገው የኖረውን ሰላምታም አያየውም። በቃል ጠይቆ የሚገኝ መልስ ስለዚህ ብዙም አይረባም።

የሚረባው ማሳየት ነው። ከመቀመጫው ተነሥቶ ወደ በሩ ይሂድና እናቱን ሆኖ ይምጣ። ቀጥሎ አባቱን ይሁን፣ ቀጥሎም አያቱን። እሱ ሳያስበው ሰውነቱ ያደርገዋል፤ እርስዎ ደግሞ ይመለከታሉ። እየመጣ ሳለ የት ላይ ቆመ? እጁ ወዴት ሄደ? ጉንጩን ካቀረበ ቀኙን ነው ግራውን? ስንት ጊዜ? ድርጊቱ መጀመሪያ ያስቃል፤ በሦስተኛው ጊዜ ግን ሳቁ ያበቃና እጅዎ መንገዱን ይይዛል።

ከዚህ በኋላ በቃል የሚጠየቁ ጥቂት ነገሮች ይቀራሉ። ከተቃራኒ ጾታ ጋር እጅ የማይጨባበጥ ሰው አለ? እጁን የሚያመው ወይም ጆሮው በደንብ የማይሰማ ሽማግሌ አለ? ጫማ የሚወልቀው በሩ ላይ ነው? እናትና አባቱን ምን ብዬ ልጥራቸው? የመጨረሻው ጥያቄ ትንሽ ቢመስልም ብዙ ሰው ሙሉ ቀን ያለ ስም እየጠራ የሚውለው ሳይጠይቀው ስለሄደ ነው። ሁሉም ከሌላ ወገን ከሆኑ ደግሞ የሰላምታውን ቃል በቋንቋቸው ይማሩ፤ አንድ ዐረፍተ ነገር ይበቃል።

2. ቀኝ እጅዎ ባዶ ይሁን

ደወሉን ከመጫንዎ በፊት ስጦታውን ወደ ግራ እጅዎ ያዛውሩ፤ ቦርሳዎንም በግራ ትከሻዎ ያንግቡ። ስልክዎን ኪስ ይክተቱ። የፀሐይ መነጽርና ጓንት ካለ ያውልቁ። ይህ ሁሉ አንድ ቅጽበት የሚፈጅ ነገር ነው፤ ነገር ግን በሩ ተከፍቶ አማት እጃቸውን በዘረጉበት ጊዜ ስጦታ ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው የሚያዛውር እንግዳ ያየ ሰው ለምን እንደምናገረው ይገባዋል።

እጁን የሚያልበው ሰው መዳፉን በደረቅ መሐረብ ይጥረግ፤ መሐረቡ ኪሱ ውስጥ ቢሆን ይመረጣል። በሱሪ መጥረግ ይታያል፣ ያውም በደንብ ይታያል።

ፍቅረኛዎ ቀድሞ ይግባ። ቤተሰቡን ራሱ ሰላም ብሎ ሲያበቃ ዞር ይልና ያስተዋውቅዎታል። ይህን ቅደም ተከተል አስቀድመው ይስማሙበት፤ ምክንያቱም እሱ ሰላም ሲላቸው የሚያዩት ለእርስዎ የመጨረሻ ልምምድ ነው። ሲያስተዋውቅ መጀመሪያ የሚጠራው ታላቁን ሰው ነው፦ "እማዬ፣ ይህቺ እንዲህ ትባላለች" ይላል እንጂ እናቱን ለእርስዎ "ይህቺ እናቴ ናት" ብሎ አይጀምርም። ታናሽ ለታላቅ ይተዋወቃል።

በደፉ ላይ ቆመው ሰላምታ አይጀምሩ፤ ወይ ይግቡ፣ ወይ እስኪያስገቡዎት ውጭ ይቁሙ። ሩሲያውያን በደፍ ማዶና ማዶ ሆኖ እጅ መጨባበጥን እንደ መጥፎ ምልክት ያዩታል፤ ስለዚህ የሩሲያ ተወላጅ አማት እጅዎን ሳይጨብጡ ወደ ኋላ ቢሸሹ የተቀየሙ እንዳይመስልዎት፤ እንዲገቡ ቦታ እየለቀቁልዎት ነው።

3. ማን እንደሚጀምር ይወቁ

"ታላቁን ጠብቅ" የሚለው ምክር በየቦታው ይሰጣል፤ ግማሹ ብቻ ነው ትክክል። እኔ የምጠቀምበት መለያ ይህ ነው፦ ሰላምታው ሁለታችሁን እኩል የሚያደርግ ከሆነ ይጠብቁ፤ እርስዎን ዝቅ የሚያደርግ ከሆነ ራስዎ ይጀምሩ።

እጅ መጨባበጥና ጉንጭ ለጉንጭ መሳሳም እኩል የሚያደርጉ ናቸው። እንዲህ ያለውን መቀራረብ መፍቀድ የቤቱ ባለቤት ድርሻ ነው፤ አባት እጃቸውን ሲዘረጉ ይጨብጣሉ፣ እናት ጉንጫቸውን ሲያቀርቡ ይስማሉ። እጅ መንሳት፣ ጉልበት ወይም እግር መንካት፣ የሽማግሌ እጅ ስሞ ግንባር ላይ ማድረግ ግን ታናሹን ዝቅ የሚያደርጉ ስለሆኑ መጠበቅ አይገባም። ታላቁ እስኪያዝዝ ከጠበቁ እንደ ኩራት ይቆጠራል። በታይላንድ ሁለቱን መዳፍ አጋጥሞ እጅ የሚነሣው መጀመሪያ ታናሹ ነው። በሕንድ የብዙ ቤተሰብ ልማድ የሽማግሌን እግር መንካትን የሚጀምረው ታናሹ ነው። በፊሊፒንስም የሽማግሌውን እጅ ተቀብሎ ግንባሩ ላይ የሚያደርገው፣ ፈቃዱን ጠይቆ የሚጀምረውም ታናሹ ነው።

ስለዚህ ከፍቅረኛዎ ጋር ሲለማመዱ ያዩት ሰላምታ ከሁለቱ የትኛው ወገን እንደሆነ ከለዩ፣ መጀመር ወይም መጠበቅ የሚለው ጥያቄ ያን ጊዜውኑ ተመለሰ ማለት ነው።

4. የሚመጣውን ከእግራቸው ያንብቡ

ሰው ምን ዓይነት ሰላምታ ሊሰጥ እንደሆነ ከእጁ ቀድሞ እግሩ ይናገራል። እጅ የሚጨብጥ ሰው ክንዱ የሚደርስበት ርቀት ላይ ይቆማል፤ እጁም ከክርኑ ጀምሮ ይነሣል። ሊስም ወይም ሊያቅፍ የሚመጣ ሰው አይቆምም። ሁለቱም እጆቹ ወደ ትከሻዎ ከፍታ ይወጣሉ፣ ፊቱም ትንሽ ዘመም ይላል። እጅ የሚነሣ ሰው ደግሞ ከሁለቱም ራቅ ብሎ ይቆማል፤ እጆቹ ወደ ታች ይወርዳሉ፣ ወይ በጎኑ ወይ ከፊቱ ተጣጥፈው።

ይህን ለማየት ጊዜ ያስፈልግዎታል። ጊዜውን የሚሰጥዎት ትንሽ ራስን ዝቅ ማድረግ ነው። ሰውየው ገና ጥቂት እርምጃ ሲቀረው ፈገግ ብለው ራስዎን በቀስታ ዝቅ ያድርጉና ቀና ይበሉ። ይህ ምልክት ከሦስቱም ጋር ይስማማል፤ ለሚጨብጥም፣ ለሚስምም፣ እጅ ለሚነሣም መግቢያ ይሆናል። ቀኝ እጅዎን በወገብዎ ከፍታ ላላ አድርገው ይያዙት፤ ዘርግተው አያቅርቡት። የተዘረጋ እጅ ተመላሽ የለውም፤ ላላ ብሎ የተያዘ እጅ ግን ወዴትም መሄድ ይችላል። የእኔ መነጽር በዚህ ምክንያት ነው የተጋጨው።

5. እጅ ሲጨብጡ

መዳፍዎ ወደ ጎን ይይ፤ ወደ መሬት ወይም ወደ ሰማይ አይዙር። በአውራ ጣትዎና በሌባ ጣትዎ መካከል ያለው ሥጋ ከእሳቸው ጋር እስኪገናኝ እጅዎን ወደ ውስጥ ያስገቡ። አብዛኛው ደካማ አጨባበጥ የሚመጣው ከኃይል ማነስ ሳይሆን ከዚህ ነው፤ ቀድሞ ስለተጨበጠ የያዘው ጣት ብቻ ይሆናል። ጥብቀቱ በር ለመክፈት እጀታ የሚይዙበትን ያህል ቢሆን በቂ ነው። ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ ቀለል አድርገው ይነቅንቁ፣ ዓይናቸውን ይዩ፣ ስምዎን ይናገሩ፣ ይልቀቁ። እሳቸው ካልለቀቁ ግን እርስዎም አይንጠቁ፤ የያዙትን እጅ እንደያዙ የሚያወሩ ሽማግሌዎች አሉ።

ለሽማግሌ ሰው ጥብቀቱን ይቀንሱ። የአጥንት መገጣጠሚያ ሕመም ያለበት ሰው እጅ ሲጠብቅ ፊቱ ላይ ሕመሙን ያዩታል፤ ያን ጊዜ ግን ዘግይቷል። ጣቶቻቸው የጎበጡ ከሆኑ እጅዎን ከሥር አድርገው እሳቸው እስኪጨብጡ ይጠብቁ።

በኮሪያ ታላቅ ሰው እጁን ሲሰጥዎት በግራ እጅዎ የቀኝ አንጓዎን ወይም ክንድዎን ደገፍ ያደርጉና ጎንበስ ይላሉ። በአንጻሩ በጀርመን ጎንበስ ማለት አይጠበቅም፤ የሚጠበቀው በክፍሉ ያለውን ሰው ሁሉ አንድ በአንድ መጨበጥና ዓይን ማየት ነው። ተቀምጠው ሳለ የሚጨብጥዎት ሰው ቢመጣ የትም አገር ቢሆኑ ይነሡ።

6. ጉንጭ ሲስሙ

ቃሉ "መሳም" ቢሆንም ከንፈር ጉንጭ ላይ አያርፍም። ጉንጭ ጉንጭን ይነካል፣ ከንፈር አየር ላይ ትንሽ ድምፅ ያሰማል። ይህ አውሮፓም ሆነ ላቲን አሜሪካ ለመጀመሪያ ትውውቅ የተለመደው ነው። እርጥብ ከንፈር ያሳረፈ ሰው ለዘለቄታው ይታወስበታል።

የሚያጋጨው ጎኑ ነው። በብዙ ቦታ መጀመሪያ የሚቀርበው ቀኝ ጉንጭ ነው፤ ማለትም ራስዎን ወደ ግራዎ ያደርጋሉ። በጣሊያን ግን በግራ ጉንጭ መጀመር የተለመደ ነው። እርግጠኛ ካልሆኑ ጎን አይምረጡ፤ ፊትዎን ቀጥ አድርገው ግማሽ ቅጽበት ይቆዩና ወዴት እንዳዘነበሉ ካዩ በኋላ ወደ ተቃራኒው ይሂዱ። ሁለት ሰው በአንድ ጊዜ ሲመርጥ ነው አፍንጫ ለአፍንጫ የሚገናኘው። መነጽር ያደረጉ ከሆነ ደግሞ አገጭዎን ትንሽ ወደ ውስጥ ያስገቡ።

ቁጥሩ ከአገር አገር፣ አንዳንዴም ከከተማ ከተማ ይለያያል። በስፔን ሁለት ነው። በኔዘርላንድ ሦስት፣ በቤልጅየም ብዙውን ጊዜ አንድ። በፈረንሳይ በአብዛኛው ሁለት ቢሆንም ሦስትና አራት የሚስሙ አካባቢዎች አሉ። በብራዚል የሳኦ ፓውሎ ሰው አንድ ሲስም የሪዮ ሰው ሁለት ይስማል። ስለዚህ ቁጥሩን ከመጽሐፍ ሳይሆን ከፍቅረኛዎ ይቁጠሩ። ባያውቁት መጨረስዎን ራስዎ አይወስኑ፦ ሁለተኛው ካለቀ በኋላ እንኳ ፊትዎን ቶሎ አያርቁ። እሳቸው ወደ ኋላ ሲመለሱ አበቃ ማለት ነው። ቀድመው ካራቁና ጉንጫቸው አየር ላይ ከቀረ ፈገግ ብለው ይመለሱ፤ የተመለሰ ሰው አይወቀስም።

እጅዎ የት ይሁን? ቀኙ የተጨበጠ ከሆነ እንደተጨበጠ ይቆይ። ካልሆነ በቀላሉ ክንዳቸውን ከክርን በላይ ይንኩ። ወገብ አይነካም።

ሌላ ዓይነት መሳም አለ፤ የሽማግሌን እጅ መሳም። በቱርክ ታናሽ የታላቁን ቀኝ እጅ ተቀብሎ ወደ ከንፈሩ ያቀርብና ወዲያው ግንባሩ ላይ ያደርገዋል። ምልክቱ ግልጽ ነው፤ ሊጨበጥ የመጣ እጅ መዳፉ ወደ ጎን ያያል፣ ሊሳም የመጣ እጅ ጀርባው ወደ ላይ ሆኖ ይቀርባል። ይህ ዝቅ የሚያደርግ ሰላምታ ስለሆነ እርስዎ ይጀምሩ። ሽማግሌው እጃቸውን ወደ ኋላ ቢስቡ ግን አያባርሩት። አንዳንድ ሰው "አረጀህ" የተባለ ይመስለዋል፣ አንዳንዱም በትሕትና ነው የሚከለክል።

7. እጅ ሲነሡ

ሲጎነብሱ የሚታጠፈው ወገብ ነው። ጀርባና አንገት በአንድ መስመር ይሆናሉ፣ ዓይንም ከራስ ጋር ወደ መሬት ይወርዳል። አንገትን ብቻ ሰብሮ ዓይንን ወደ ላይ የሚያንጋጥጥ ሰው እጅ የነሣ ሳይሆን የሰለለ ይመስላል።

በጃፓን ሦስት ደረጃ አለ፦ 15 ዲግሪ በመንገድ ለሚተላለፉት፣ 30 ዲግሪ ለመደበኛ ሰላምታ፣ 45 ዲግሪ ለጥልቅ አክብሮት ወይም ለይቅርታ። ለፍቅረኛ ወላጆች 30 ዲግሪ ይበቃል። መጀመሪያ ቃሉን ይናገሩ፣ ከዚያ ያጎንብሱ፤ ወደ መሬት እያዩ የተነገረ ስም አይሰማም። ታች ደርሰው አንድ ትንፋሽ ያህል ይቆዩና ከወረዱበት ፍጥነት በዝግታ ቀና ይበሉ። ወንድ እጆቹን በጎኑ ያደርጋል፣ ሴት ከፊቷ ታጣጥፋለች።

የጃፓን ቤት ሰላምታ በሁለት ይከፈላል፤ ይህን ያላወቀ ሰው ሁሉንም በሩ ላይ ይጨርሰዋል። በመግቢያው ላይ አጭር ሰላምታ ይሰጣል፣ ጫማ ይወልቃል፣ ጫፉ ወደ በሩ ተደርጎ ይቀመጣል። ዋናው ሰላምታ ያለው ሳሎን ከተገባ በኋላ ነው። ክፍሉ በሰሌን ምንጣፍ የተነጠፈ ከሆነ የምንጣፉን ጠርዝ አይርገጡ። ለእንግዳ መቀመጫ በተዘጋጀው ትራስ ላይ ሳይሆን በትራሱ አጠገብ መሬት ላይ ተንበርክከው እጆችዎን ከፊትዎ አድርገው እጅ ይንሡ። "ይቀመጡ" ሲባሉ ነው ትራሱ ላይ የሚወጡት። ስጦታውም የሚሰጠው ከዚህ ሰላምታ በኋላ ነው፤ በሩ ላይ አይደለም።

የታይላንዱ ሰላምታ ትኩረት የሚፈልገው በእጅ ከፍታ ላይ ነው። መዳፎች ይጋጠማሉ፤ ለወላጆችና ለሽማግሌዎች አውራ ጣቶቹ እስከ አፍንጫ ጫፍ ይወጣሉ፣ ራስም ወደ እጅ ዝቅ ይላል። ለሕፃን እጅ አይነሣም። የሕፃኑን ሰላምታ በፈገግታ ይቀበሉታል። በሕንድ የሽማግሌን እግር ሲነኩ ደግሞ ቶሎ ቀና አይበሉ፤ ሽማግሌው እጃቸውን ራስዎ ላይ አሳርፈው ሊመርቁ ይችላሉና።

አንድ አደጋ ይቀራል፤ መጨበጥና መጎንበስ አንድ ላይ ሲመጡ። ከውጭ ሰው ጋር የለመዱ የጃፓን ወይም የኮሪያ አባት ብዙ ጊዜ እጃቸውን ይዘረጋሉ፣ ሳያስቡትም ይጎነብሳሉ። እርስዎም ከጎነበሱ ግንባር ለግንባር ነው። ክንድዎን ዘርጋ አድርገው ርቀቱን ይጠብቁ፣ ራስዎን ብቻ ዝቅ ያድርጉ።

8. የማይነኩ ሰዎች

በሃይማኖት ምክንያት ከተቃራኒ ጾታ ጋር እጅ የማይጨባበጡ ብዙ ሙስሊሞችና ኦርቶዶክስ አይሁድ አሉ። በእንዲህ ያለ ቤተሰብ ቀኝ መዳፍዎን ደረትዎ ላይ አድርገው ራስዎን ዝቅ ማድረግ ሙሉ ሰላምታ ነው፤ የጎደለው ነገር የለም። ፍቅረኛዎ ካልነገረዎትና በቤተሰቡ ውስጥ ይህ ሊኖር ይችላል ብለው ከጠረጠሩ ለተቃራኒ ጾታ እጅ መዘርጋትን ሙሉ በሙሉ ለእነሱ ይተዉ።

ቀድመው ዘርግተው እጅዎ ባዶ ከቀረ ደግሞ በዚያው እንቅስቃሴ ወደ ደረትዎ ይውሰዱት። ወደ ኪስ አይክተቱት፣ ይቅርታም አያብዙ። የተመለከተ ሰው ሁሉ አስቀድመው ያሰቡት ይመስለዋል፤ እጁን ያልሰጠው ሰው ደግሞ በልቡ ያመሰግንዎታል።

አንድ ቤት፣ ዘጠኝ ሰው

አንድ ወዳጄ የእጮኛውን ቤተሰብ ሊተዋወቅ ወደ ስፔን ሲሄድ ይህንኑ በስልክ ተነጋግረን ነበር። የሆነውን እንደነገረኝ ልተርከው።

በሩን የከፈተችው አክስት ናት። አያት ግን ከክፍሉ ማዶ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ወዳጄ "መጀመሪያ ታላቋን" ብሎ ሸምድዶ ስለነበር አክስቲቱን አልፎ ሊሄድ አንድ እግሩን አነሣ። ይህ ስሕተት ነው። የታላቅ ቅድሚያ የሚሠራው ሁለቱም ከፊትዎ እኩል ሲቆሙ ነው፤ በሩ ላይ ያለን ሰው እንደ ዕቃ አልፎ መሄድ አይደለም። እጮኛው ክንዱን ያዘችው፤ ተመለሰና ከአክስቲቱ ጋር ሁለት ጉንጭ ተሳሳመ፣ ቀኙን አስቀድሞ።

ቀጥሎ እናት ከኩሽና መጡ፤ እጃቸው እርጥብ ነው። ጣቶቻቸውን ወደ ውስጥ አጥፈው የእጃቸውን አንጓ አቀረቡለት። ይህ በብዙ አገር ይታያል፤ እጁ እርጥብ ወይም ቆሻሻ የሆነ ሰው አንጓውን ወይም ክንዱን ይሰጣል፤ የተሰጠውን ያንኑ መያዝ ነው። ወዳጄ አንጓቸውን ቀለል አድርጎ ያዘ፣ እሳቸውም በዚያው ጉንጫቸውን ሰጡት። አባትና ሁለት ወንድሞች እጁን ጨበጡ። ታናሹ ወንድም በግራ እጁ ትከሻውን መታ መታ አደረገው። ወዳጄም ያንኑ መለሰ፤ እሱ ሳይጀመርለት ግን አልጀመረም።

አያቲቱ ዘንድ ሲደርስ ሊነሡ ወንበሩን ደገፍ አሉ። ሽማግሌ ሰው ለእርስዎ ሲል ሊነሣ ሲሞክር ቶሎ ብለው ይቅረቡ፤ እርስዎ ከደረሱ መነሣቱ ይቀራል። ወዳጄ በፍጥነት ሄዶ ጎንበስ አለ፣ ክብደቱን በወንበሩ መደገፊያ ላይ እንጂ በእሳቸው ትከሻ ላይ አላሳረፈም፣ ሁለት ጉንጭ ሰጣቸው። ስሙን በጆሯቸው አጠገብ ቀስ ብሎ ሁለት ጊዜ ተናገረ፤ አንዱን ጆሯቸውን እንደማይሰሙበት አስቀድሞ ተነግሮት ነበር።

ሰባተኛው የስምንት ዓመት ልጅ ነው፤ ከሶፋው ጀርባ ተደብቋል። አክስቲቱ "ሂድና ሳመው" ትለዋለች። ወዳጄ በጉልበቱ ቁልቁል ብሎ መዳፉን ከፍ አድርጎ አሳየውና ጠበቀ። ልጁ በእጁ ጠፍ አደረገው። ሕፃን የመረጠውን ሰላምታ ይቀበሉ፤ ምንም ካልመረጠ ደግሞ እጅዎን አውለብልበው ይለፉ። አክስትየዋ በዚህ አትቀየምም፤ ልጁ ግን ተገድዶ ቢስም ኖሮ ቀኑን ሙሉ ይሸሽ ነበር።

የቀሩት ሁለቱ፣ አጎትና ባለቤታቸው፣ ሁሉም ከተቀመጠ በኋላ ደረሱ። ወዳጄ ተነሣ። ይህንን ብዙ ሰው ይረሳዋል፤ ከእርስዎ በኋላ ለሚመጣ ሰው እርስዎ አሁን ከቤቱ ወገን ነዎት፤ ተነሥተው ይቀበሉታል።

ከዘጠኙ አንዱን ቢዘልል ኖሮ ያ ሰው ያስታውሰው ነበር። "ሰላም ለሁላችሁም" ብሎ እጅ አውለብልቦ መቀመጥ ጓደኛ ቤት ያስኬዳል፤ እዚህ ግን እያንዳንዱ ሰው ለየብቻው ይጠብቃል። ሰው ከ20 በላይ ከሆነ እንኳ ወላጆችንና ሽማግሌዎችን አንድ በአንድ ሰላም ብለው ለቀሩት በቡድን በቡድን ያድርጉ።

ሲሄዱ

መሰናበቻው የመግቢያውን ዙር ይደግማል፤ ስለዚህ እሄዳለሁ ካሉበት ሰዓት ቀድመው ይነሡ። በመግቢያው እጅ የጨበጡ አባት ሲሸኙ ሊያቅፉ ይችላሉ። እሳቸው ከፍ ካደረጉት ይቀበሉ፤ እርስዎ ግን ከፍ አያድርጉት። ጥሩ ቀን ስለዋሉ ብቻ አማትዎን ለማቀፍ መንደርደር ጠዋት የተጠነቀቁበትን ሁሉ ያፈርሰዋል።

ከበሩ ወጥተው ጥቂት እንደሄዱ ዞር ይበሉ። ብዙ ቤተሰብ በሩ ላይ ቆሞ ይሸኛል፤ በጃፓን እንግዳው ከዓይን እስኪሰወር ይቆማሉ፣ መታጠፊያው ላይ ሲደርሱም ዞረው አንድ ጊዜ እጅ ይነሣሉ። ወዳጄ በዚያ ቀን መኪና ውስጥ ገብቶ በሩን ሊዘጋ ሲል አያቲቱ መስኮቱ ዘንድ ቆመው አያቸው። ወርዶ ተመለሰ፤ ሁለት ጉንጭ ሰጣቸው፣ እሳቸውም ሦስተኛውን ጨመሩለት።